«የለም» ካለ የለም

አማርኛ ሲጻፍ ቃሉ ለመስመሩ ካልበቃ ከየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጦ ቀሪውን ወደ ታች ማውረድ የቆየ ልማድ ነው። የብራና ጸሐፊዎች ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ማንም አልተቆጣቸውም። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይለቅም። ቃሉ የሚከፈልበት ቦታ የታወቀ ነው፤ እዚያ ላይ ሰረዝ ይገባል። የኮምፒውተር ባለሙያው በርተን ብሉም በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ለምሳሌነት ያነሣው ይህንኑ የሰረዝ ጣጣ ነበር።

ምሳሌው 500,000 ቃላት ያሉት መዝገብ ነው። ከእነዚህ 450,000ዎቹ በጥቂት ደንቦች ይከፈላሉ። የቀሩት 50,000 ግን ደንብ አይገዛቸውም፤ አከፋፈላቸውን ለማወቅ በዲስክ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት መክፈት ግድ ነው። የዲስክ ንባብ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ችግሩ፣ አንድ ቃል ከአፈንጋጮቹ ወገን መሆን አለመሆኑን ሳያውቁ ዲስኩን መዝለል አይቻልም። አፈንጋጮቹን ሁሉ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ ውስጥ እንዳይዙ ደግሞ በዚያን ጊዜ ማስታወሻ ውድና ጠባብ ነበር።

የብሉም መላ ቃላቱን ራሳቸውን ጨርሶ አለመያዝ ነው። ረጅም የሳጥን ረድፍ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቢት ስለሆነ የሚይዘው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። ሲጀመር ሁሉም 0 ናቸው። ከጎኑ ሃሽ ፋንክሽን የሚባሉ ጥቂት ስሌቶች አሉ። ሃሽ ፋንክሽን ቃል ሲሰጡት የሳጥን ቁጥር ይመልሳል፤ ለአንድ ቃል ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር፣ ለተለያዩ ቃላት ግን ወዲያና ወዲህ የተበተነ ቁጥር።

በትንሹ እንሞክረው። 20 ሳጥኖችና 3 ሃሽ ፋንክሽኖች አሉን እንበል፤ ቁጥሮቹን ለማሳያ ያህል እኔው ሰጥቻቸዋለሁ። «ፕሮጀክት» የሚለውን ቃል ስናስገባ 3፣ 11 እና 17 ወጡ፤ እነዚያን ሳጥኖች 1 እናደርጋለን። «ሬኮርድ» 7፣ 11 እና 14 አወጣ። 11ኛው ቀድሞውኑ 1 ስለሆነ እንዳለ ይቀራል። አሁን «ቴብል» ከተመዘገቡት መካከል ይገኝ እንደሆነ እንጠይቅ። ስሌቶቹ 3፣ 9 እና 17 አሉ። 9ኛው ሳጥን 0 ነው። ቃሉ ገብቶ ቢሆን ኖሮ 9ኛው 1 በሆነ ነበር፤ ስለዚህ አልገባም፣ በዚህ ላይ ጥርጥር የለም። ቀጥሎ «ዊንዶው» መጣና 3፣ 7 እና 14 ወጡለት። ሦስቱም 1 ናቸው። ይሁንና ቃሉን ማንም አላስገባውም፤ አንዱን «ፕሮጀክት»፣ ሁለቱን «ሬኮርድ» ናቸው የሞሉለት።

ይህ የሐሰት «አለ» ነው። ብሉም ፊልተር የሚሳሳተው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ ያለውን የለም ብሎ አያውቅም። በሰረዙ ሥራ ላይ ስሕተቱ የሚያስከፍለው አንድ ከንቱ የዲስክ ጉዞ ነው። መዝገበ ቃላቱ ተከፍቶ ቃሉ ሲታጣ በደንቡ ይከፈላል፤ የታተመው ገጽ ላይ የሚበላሽ ነገር የለም። ስሕተቱ የሰው ስም የሚያጠፋ ወይም ገንዘብ የሚከለክል በሆነበት ቦታ ግን ከኋላው እውነተኛ መዝገብ ሳይኖር ፊልተሩን ብቻውን ማመን አይገባም።

ታዲያ ምን ያህል ጊዜ ይሳሳታል? የሳጥኖቹን ብዛት m፣ የገቡትን ቃላት n፣ የሃሽ ፋንክሽኖቹን ቁጥር k እንበል። አንድ ሳጥን እንምረጥና ከዳር ሆነን እንመልከተው። እያንዳንዱ ስሌት ጠጠር እንደመወርወር ነው፤ አንዱ ጠጠር ይህን ሳጥን የመሳቱ ዕድል 1 − 1/m ነው። n ቃላት k ጊዜ ስለሚወረወሩ ጠጠሮቹ kn ናቸው። ሁሉም ሳጥናችንን የመሳታቸው ዕድል ወደ e^(−kn/m) ይጠጋል፤ ባዶ የሚቀሩት ሳጥኖች ድርሻም ይኸው ነው። ከ1 ላይ ሲቀነስ የተሞሉት ድርሻ ይገኛል። ያልገባ ቃል «አለ» የሚባለው k ሳጥኖቹ ሁሉ ሞልተው ሲገኙ ስለሆነ፣ ያንን ድርሻ k ጊዜ ከራሱ ጋር ማባዛት ነው።

```
p ≈ (1 − e^(−kn/m))^k
```

ለ50,000ዎቹ ቃላት 10 ቢት በነፍስ ወከፍ እንስጣቸው። m 500,000 ይሆናል፤ ከ63 ሺህ ባይት ያነሰ ነው። በአንድ ሃሽ ፋንክሽን ብቻ ስሕተቱ 9.5 በመቶ ነው። በሁለት ወደ 3.3፣ በሦስት ወደ 1.7፣ በአምስት ወደ 0.94፣ በሰባት ወደ 0.82 በመቶ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ይገለበጣል፤ በአሥር 1 በመቶ፣ በሃያ ደግሞ 5.5 በመቶ ይደርሳል።

k ሲጨምር የውጭው ቃል የሚያልፋቸው ኬላዎች ይበዛሉ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የገባ ቃል ብዙ ሳጥን ስለሚሞላ ኬላዎቹ ራሳቸው ክፍት እየሆኑ ይመጣሉ። ሁለቱ የሚመጣጠኑት ከሳጥኖቹ ግማሹ ሲሞላ ነው፤ የሚበጀውም ቁጥር ከዚያ ይወጣል።

```
k = (m/n) × ln 2
```

ln 2 ወደ 0.693 ስለሆነ፣ በ10 ቢት 6.93 ይመጣል፤ ሰባት ማለት ነው። 450,000ዎቹ ደንበኛ ቃላት አንዳንድ ጊዜ ቢጠየቁ በከንቱ ወደ ዲስክ የሚሄዱት ወደ 3,700 ገደማ ናቸው። በአምስት ቢሆን ኖሮ 4,200 ያህል ይሆኑ ነበር። ልዩነቱ ጠባብ ስለሆነ እኔ ሃሽ ማስላቱ ከበድ ባለበት ቦታ አምስትን እመርጣለሁ፤ ዲስኩ በጣም ከቀረፈፈ ደግሞ ሰባትን። ሰባት ሲባል ታዲያ ለሁሉም ቃል ሰባት ሳጥን ይከፈታል ማለት አይደለም። ግማሾቹ ሳጥኖች ባዶ ስለሆኑ የሌለ ቃል በአማካይ ሁለት ሳጥን ያህል እንደታየ ይጋለጣል። እስከ ሰባተኛው የሚዘልቁት በእርግጥ ያሉት ቃላትና ጥቂቶቹ አሳሳቾች ናቸው።

በሥራ ላይ የሚያጋጥመው ዋነኛ ብልሽት ድምፅ የለውም። መዝገቡ እያደገ 100,000 አፈንጋጭ ቃላት ደረሰ፤ ሳጥኖቹ ግን ያው 500,000፣ k ያው 7 ናቸው እንበል። ስሕተቱ ከ0.82 ወደ 13.8 በመቶ ይዘላል፤ በከንቱ ዲስክ የሚነካው ቃል ከ60,000 ያልፋል። ፊልተሩ «ሞላሁ» አይልም፤ የሚሰጠው ውጤትም ትክክል ስለሆነ የሚታየው ነገር ቢኖር ሥራው መንቀርፈፉ ብቻ ነው። መመርመሪያው ግን ቀላል ነው፤ 1 የሆኑትን ሳጥኖች መቁጠር። በምሳሌያችን 75 በመቶው ሞልተው ይገኛሉ፤ 0.75ን ሰባት ጊዜ ከራሱ ጋር ስናባዛ ወደ 0.13 ገደማ ይመጣል፤ የፊልተሩ የዛሬ ስሕተት ያ ነው። በቆጠራው የተገኘው ስሕተትና ዲስክ ላይ በእርግጥ የሚታየው የከንቱ ጉዞ ብዛት በሰፊው ከተራራቁ ደግሞ ጥፋቱ የመጠን አይደለም፤ ሃሽ ፋንክሽኖቹ ቁጥሩን በእኩል አይበትኑም ወይም እርስ በርስ ይኮራረጃሉ ማለት ነው።

የሞላውን ለማቅለል ቃል ማውጣትም አይቻልም። «ሬኮርድ» ይውጣ ብለን 7፣ 11 እና 14ን ወደ 0 ብንመልስ 11ኛው የ«ፕሮጀክት»ም ነበርና ፊልተሩ «ፕሮጀክት»ን የለም ይላል። ፈጽሞ አይሳሳትም ባልንበት በኩል ስሕተት ገባ ማለት ነው። በረድፉ ጫፍ ሳጥን መቀጠልም አያዋጣም፤ የቃላቱ ቁጥሮች የተሰሉት በድሮው ርዝመት ነው። የቀረው መንገድ ሰፋ ያለ ረድፍ ዘርግቶ 100,000ዎቹን ቃላት እንደገና ከመዝገበ ቃላቱ እያነበቡ ማስገባት ነው፤ ፊልተሩ ራሱ አንድም ቃል አልያዘምና።