የመኖ ማሽኑን እንግዛ ወይስ እንከራይ?

በባሕር ዳር ዘንዘልማ አንድ አነስተኛ የመኖ ማቀነባበሪያ ድርጅት አለ እንበል። የሚፈልገው ማሽን ዋጋው 1,000,000 ብር ነው። ቢከራየው ግን በየዓመቱ መጨረሻ 280,000 ብር ለ5 ዓመት ይከፍላል። ኪራዩ ሲደመር 1,400,000 ብር ስለሚሆን ብዙ ሰው ወዲያው «መግዛት ይሻላል» ይላል። ስሌቱ ግን ሁለት ነገር ዘሏል፤ ግብርንና ጊዜን።

ከግብር እንጀምር። የድርጅቶች የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 30 በመቶ ነው። ኪራይ ከገቢ ላይ የሚቀነስ ወጪ ስለሆነ፣ አትራፊ ድርጅት 280,000 ሲከፍል ግብሩ በ84,000 ይቀንስለታል። ከኪሱ የሚወጣው 196,000 ብር ብቻ ነው። ቢገዛ ደግሞ የሚያተርፈው በእርጅና ቅናሽ ነው። ለእንዲህ ያለ ማሽን ቅናሹ በቀጥተኛ ዘዴ 15 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 150,000 ብር ሲሆን፣ 45,000 ብር ግብር ያድናል።

ቀጥሎ ጊዜ። ኪራይ እንደ ብድር ክፍያ በውል የታሰረ ግዴታ ነው። ስለዚህ ክፍያዎቹን ወደ ዛሬ ዋጋ የምንመልሰው በብድር ወለድ ነው። ባንኩ 20 በመቶ ቢጠይቅ፣ ወለዱም ግብር ስለሚያስቀንስ ትክክለኛው ዋጋ 14 በመቶ ይሆናል። በዚህ መጠን ለ5 ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል 1 ብር ዛሬ 3.433 ብር ያወጣል። የብድሩን ወለድ ከወጪዎቹ ጋር ደግሞ መደመር ስህተት ነው፤ በ14 በመቶው ውስጥ አንዴ ተቆጥሯል።

የኪራዩ የዛሬ ዋጋ 196,000 በ3.433 ሲባዛ 673,000 ብር ገደማ ነው። ለግዢው ከ1,000,000 ላይ የእርጅና ቅናሹ ያዳነውን 154,000 እንቀንሳለን። ማሽኑ በ5ኛው ዓመት መጨረሻ በመዝገብ ዋጋው በ250,000 ብር ቢሸጥ፣ የዛሬ ዋጋው 130,000 ስለሆነ እሱም ይቀነሳል። የግዢው ወጪ 716,000 ብር ይሆናል። ኪራዩ በ43,000 ብር ይረክሳል ማለት ነው። ዓመታዊው ኪራይ 298,000 ብር ገደማ ሲደርስ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

ይህ ልዩነት ግን በአንድ የውል አንቀጽ ሊገለበጥ ይችላል። አከራዩ ኪራዩን በዓመቱ መጀመሪያ ልቀበል ቢል፣ የግብሩ ጥቅም እንደበፊቱ በዓመቱ መጨረሻ ስለሚገኝ የኪራዩ ዋጋ ወደ 807,000 ብር ያድጋል። ያኔ መግዛት ይሻላል። ድርጅቱ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ከሌለውም የግብር ጥቅሞቹ ስለሚቀሩ በ14 ሳይሆን በ20 በመቶ ይሰላል።

ስሌቱ የሚሠራው ማሽኑ የአከራዩ ንብረት ሆኖ ለሚቀርበት ኪራይ ነው። ዕቃው በመጨረሻ የተከራዩ የሚሆንበት የፋይናንስ ኪራይ በግብር ዓይን ከብድር ግዢ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የውሉን ዓይነት፣ የክፍያውን ቀንና ማሽኑ በመጨረሻ የማን እንደሚሆን ያረጋግጡ።