ሃያ አምስት ጋቢ፣ ስድሳ ወረፋ

ዕቃ ሲያልቅ ደንበኛ ብዙም አይቆጣም። የሚቆጣው ዕቃው ተመልሶ ሲገባ ነው። ስሙን አስመዝግቦ ሳምንታት የጠበቀ ሰው ቴሌግራም ላይ «ገብቷል!» የሚል ፎቶ አይቶ ሲደውል «አሁን አለቀ» ከተባለ፣ ወረፋው ለይስሙላ እንደነበር ይገባዋል።

አንዲት ነጋዴ ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ጋቢ ታሠራለች እንበል። ለገና 60 ሰው ተመዝግቧል፤ የደረሰላት ግን 25 ጋቢ ብቻ ነው። የእጅ ሥራ ነውና ሸማኔውን ማጣደፍ አያዋጣም፤ ከተጣደፈ ሽመናው ይሳሳል።

እንግዲህ ፎቶ ከመለጠፏ በፊት መዝገቧን በቀን ቅደም ተከተል አውጥታ ለመጀመሪያዎቹ 25 ሰዎች መደወል አለባት። ብዙዎች ይህን ይገለብጡታል፤ መጀመሪያ ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ስልኩ ሲጮህ የቀደመው ሁሉ ይወስዳል። ከደወለች በኋላ ከፎቶው ሥር እንዲህ ብትጽፍ ይበቃል፦

«ባለ አራት ድርብ ጋቢ 25 ገብቷል። ወረፋ የያዙት 60 ስለሆኑ ዛሬ ለአዲስ ገዢ የሚተርፍ የለም። ከ1 እስከ 25 ላላችሁ ደውለናል፤ እስከ ነገ ማታ 12 ሰዓት ካላረጋገጣችሁ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል። ከ25 በኋላ ያላችሁ ለገና ላይደርስላችሁ ይችላል። ቀጣዩ ዙር ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ቀኑን ሸማኔዎቹ ሲያረጋግጡልን እንነግራችኋለን። ዋጋው በተመዘገባችሁበት ነው። መጠበቅ ያልፈለገ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል።»

ቁጥሩ ከፊት የመጣው በምክንያት ነው። ኢንስታግራም ከጽሑፉ የመጀመሪያውን ጥቂት ብቻ አሳይቶ ቀሪውን ይደብቃል፤ ሰው የሚያነበው ያችኑ ነው። «ከፍላጎቱ ብዛት የተነሳ» የሚለው የተለመደ ይቅርታም የለበትም። እሱ ይቅርታ የሚመስል ጉራ ነው፤ ባዶ እጁን ለቀረ ሰው ምንም አይነግረውም።

ለእሱ የሚጠቅመው ስሌቱ ነው። ከ25ቱ አሥሩ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ተራው እስከ 35ኛው ይደርሳል። 30ኛው ተስፋ አለው፤ 50ኛው ግን የለውምና ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ዛሬውኑ ሊነገረው ይገባል። ነጋዴዋ በዚህ ደንበኛ ልታጣ ትችላለች። በበዓሉ ዋዜማ አሳዝናው ከምታጣው ግን ይሻላል።

ጋቢዎቹ ሲያልቁ ጽሑፉን ማጥፋት ጥርጣሬ ያመጣል፤ እዚያው ላይ «ሁሉም ተወስዷል» ብሎ ማረም ይሻላል። ቴሌግራም ላይ የታረመ ጽሑፍ ግን አዲስ ማሳወቂያ አይልክም፤ ስለዚህ ለቀሩት ወረፋ ያዦች በየግላቸው መጻፍ ያስፈልጋል።

ገዢ ከሆኑ ደግሞ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ስንተኛ ነኝ? በዚህ ዙር ስንት ይገባል?