87 ሺህ ብር ስንት ነው?

አንድ ዱቄት ፋብሪካ እናስብ። የወፍጮው ኩሽኔታና ቺንጋ ስላረጀ የጥገና ክፍሉ የግዥ መጠየቂያ ሞልቶ ያቀርባል። ንብረት ክፍል ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለመኖሩን፣ ፋይናንስ ደግሞ በጀት መኖሩን ያረጋግጣሉ። ግዥ ክፍል ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ያወዳድርና አንዱን ይመርጣል፤ ዋጋው 87 ሺህ ብር ነው። የግዥ ትዕዛዙ ተዘጋጀ። ማን ይፈርምበት?

በዚህ ፋብሪካ መመሪያ የክፍል ኃላፊ እስከ 20 ሺህ፣ የፋይናንስ ኃላፊ እስከ 100 ሺህ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ እስከ 500 ሺህ ብር ማጽደቅ ይችላሉ። ከዚያ በላይ ያለው ለቦርድ ይቀርባል። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊው ብዕሩን ያነሳል።

ግን 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት ሒሳቡ 100,050 ብር ይሆናል። ጣሪያው በ50 ብር ታለፈ ማለት ነው። መመሪያው «ከቫት ጋር» ወይም «ያለ ቫት» ብሎ ካልወሰነ አንዱ ኃላፊ ይፈርማል፣ ሌላው ይመልሳል። እኔ ከቫት ጋር መቆጠሩን እመርጣለሁ። ቫቱ በኋላ የሚቀናነስ ቢሆን እንኳ ዛሬ ከባንክ የሚወጣው ሙሉው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ይህ ትዕዛዝ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይሂድ።

ጣሪያን የሚያፈርሰው ትልቁ ዘዴ ግን ግዥን መቆራረጥ ነው። የጥገና ኃላፊው ያንኑ ዕቃ በየሳምንቱ በ19 ሺህ ብር አምስት ጊዜ ቢያዝ 95 ሺህ ብር ያወጣል፤ ሆኖም አንዱም ወረቀት ከእሱ ጠረጴዛ አልፎ አይሄድም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ነጋዴ፣ ተመሳሳይ ዕቃ፣ የተቀራረበ ቀን፣ ከጣሪያው ጥቂት የሚያንስ ዋጋ። መድኃኒቱ ጣሪያው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይለካ ማድረግ ነው። ከአንድ ነጋዴ በ30 ቀን ውስጥ የተገዛው ተመሳሳይ ዕቃ ይደመር፤ ፈራሚውንም ድምሩ ይወስን። ዕቃውን የጠየቀው ሰውም የራሱን ጥያቄ አያጽድቅ።

ከፊርማ በኋላ ዋጋ ሲጨምርም እንዲሁ ነው። በ90 ሺህ የጸደቀ ትዕዛዝ 110 ሺህ ከደረሰ የድሮው ፊርማ አይሸፍነውም። የሚታየው የተጨመረው 20 ሺህ ሳይሆን አዲሱ ድምር ነው፤ ትዕዛዙም ተሻሽሎ ለበላይ ኃላፊው ይቀርባል።

የመጨረሻው በር ክፍያ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው የግዥ ትዕዛዙን፣ የመጋዘን ገቢ ደረሰኙንና የነጋዴውን ደረሰኝ ጎን ለጎን አድርጎ ብዛትና ዋጋ ያመሳክራል። ቀኑንም ይመልከት። ነጋዴው ደረሰኙን የቆረጠው ትዕዛዙ ከመጽደቁ በፊት ከሆነ ዕቃው የተገዛው ያለ ፈቃድ ነው፤ ፊርማው የመጣው ያለቀውን ነገር ለመሸፈን ነው።