ዘጠኝ ኩንታል አሸዋና አንድ ፒስተን

ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር ያስቡ። ፒስተኑ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ ክብደቱም ሰበቃውም ከቁጥር አይገባም። ከሥሩ 28 ግራም ናይትሮጅን፣ ማለትም አንድ ሞል ጋዝ ታፍኗል። ሲሊንደሩ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሚጠበቅ ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ተነክሯል። በፒስተኑ ላይ ደግሞ ዘጠኝ ኩንታል አሸዋ ተቆልሏል።

በዚህ ስፋት ላይ አንድ ኩንታል አንድ ባር ያህል ግፊት ያሳርፋል። አየሩ ራሱ አንድ ባር ይጨምራል (እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ያንሳል፤ እዚህ የባሕር ጠረፉን ወስደናል)። ስለዚህ ጋዙ የተሸከመው 10 ባር ነው፤ ፒስተኑም ከወለሉ 25 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። አሸዋው ሁሉ ሲነሳ ግፊቱ ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚወርድ የጋዙ ይዘት አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ፒስተኑ 2.5 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል። መነሻውም መድረሻውም ታውቋል። ጋዙ በመካከሉ ስንት ሥራ እንደሠራ ግን ገና አልታወቀም፤ ይህ አሸዋው በምን አኳኋን እንደተነሳ ይወሰናል።

መጀመሪያ ዘጠኙንም ኩንታል በአንድ ጊዜ እናንሳ። ፒስተኑ ተወርውሮ ይወጣል፤ ላይና ታች ይዋልላል፤ በኋላም ይረጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከውጭ የተቃወመው የአየሩ አንድ ባር፣ ማለትም 1,000 ኒውተን ኃይል ብቻ ነው። ርቀቱ 2.245 ሜትር ስለሆነ ሥራው 2,245 ጁል ይሆናል። ጋዙ ሲጀምር 10 ባር ቢኖረውም፣ የሚገፋው ከባድ ነገር ስላላገኘ ጉልበቱ ጥቅም ላይ አልዋለም።

አሁን አንድ ኩንታል አንስተን ፒስተኑ እስኪረጋ እንጠብቅ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የመጀመሪያው እርምጃ ዘጠኝ ባር እየገፋ፣ ቀጣዩ ስምንት ባር እየገፋ ይወጣል፤ ጋዙ በእያንዳንዱ ደረጃ የቀረውን አሸዋ ከፍ ያደርጋል። ዘጠኙ እርምጃዎች ሲደመሩ 4,811 ጁል ይሆናሉ።

ፍሬ በፍሬ ብናነሳውስ? የውጭው ግፊት በየቅጽበቱ ከውስጡ በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ይሆናል። አንዲት ፍሬ ብንመልስ ፒስተኑ ወደ ታች ይመለሳል፤ ሪቨርሲብል፣ ማለትም ወደኋላ ሊመለስ የሚችል ሂደት የተባለው ለዚህ ነው። የውጭውን ግፊት በጋዙ ግፊት መተካት የሚቻለውም እዚህ ብቻ ነው፤ ሎጋሪዝሙም ከዚያ ይመጣል፦

W = nRT ln(V2/V1)

ቁጥሮቹን ስናስገባ 8.314 × 300 × 2.303፣ ማለትም 5,743 ጁል ገደማ እናገኛለን። በዚህ መጠነ ሙቀት፣ ከዚህ መነሻ ወደዚህ መድረሻ ከዚህ የበለጠ ሥራ ማግኘት አይቻልም። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ፍጹም ሪቨርሲብል ሂደት ማለቂያ የሌለው ጊዜ ይፈልጋል።

በመጀመሪያውና በመጨረሻው መንገድ መካከል ያለው የ3,498 ጁል ልዩነት የት ገባ? ብዙ ሰው ጠፋ ይላል፤ አልጠፋም። የአይዲያል ጋዝ ውስጣዊ ጉልበት በመጠነ ሙቀት ብቻ ይወሰናል፤ ናይትሮጅንም በዚህ ሁኔታ ለአይዲያል በጣም ይቀርባል። መጠነ ሙቀቱ በመጨረሻ ወደ ነበረበት ስለተመለሰ፣ ጋዙ የሠራውን ሥራ ያህል ሙቀት ከገንዳው ወስዷል ማለት ነው። በቀስታው መንገድ 5,743፣ በድንገተኛው 2,245 ጁል። ልዩነቱ ከገንዳው ውሃ ጨርሶ ያልወጣ ሙቀት ነው፤ ወደ ሥራ የመለወጥ ዕድሉ ግን አልፏል።

ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው ጋዙን መልሰን ስናጭቀው ነው። ዘጠኙን ኩንታል በአንድ ጊዜ ብንጭን 10 ባር ያንኑ 2.245 ሜትር ይወርዳል፤ 22,450 ጁል ገደማ እናወጣለን። ኩንታል በኩንታል ብንጭን 7,056 ይበቃል። ፍሬ በፍሬ ከሆነ 5,743 ብቻ፣ ልክ ያገኘነውን ያህል።

ተማሪዎች እዚህ ላይ አዘውትረው ይሳሳታሉ። መጠነ ሙቀቱ አልተለወጠም የሚል ቃል ሲያዩ ወዲያው ወደ ሎጋሪዝሙ ይሮጣሉ። በድንገተኛው መስፋፋት የጋዙ ግፊት በየቦታው የተለያየ ስለሆነ አንድ ግፊት ብሎ መናገርም አይቻልም፤ የሚታወቀው የውጭው ነው፤ ቀመሩም W = Pext(V2 − V1) ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሲቀርብልዎ አስቀድመው ከፒስተኑ ውጭ ምን እንደሚጫን ይመልከቱ። ውጭው ባዶ ከሆነ፣ ጋዙ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ፣ ሥራው ዜሮ ነው።