መንገደኞችና እግረኛ ሲጎዱ ለመድን ሰጪው የሚጻፍ ማስታወቂያ

አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ሲጓዝ፣ የቀበናን ቁልቁለት እንደ ጀመረ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራትቶ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ገጨ እንበል። የእግረኛው እግር ተሰበረ፤ ከተሳፈሩት 11 መንገደኞችም ሦስቱ ቆሰሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የመድን ባለመብት አደጋ መድረሱን እንዳወቀ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይም ከ5 ቀን ሳያሳልፍ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል። ብዙ ባለንብረቶች ይህን ጊዜ የሚያጠፉት የትራፊክ ፖሊስን ሪፖርት በመጠበቅ ነው። ሪፖርቱ ግን ኋላ ተከትሎ ሊላክ ይችላል፤ የሚቀድመው ማስታወቂያው ነው። ሹፌሩ ፈርቶ ነገሩን በጋራዥ ለመጨረስ ሲሞክር ቀን የሚያልፍበትም አለ፤ ስለዚህ በዚያው ሰዓት ለባለንብረቱ ስልክ እንዲደውል አስቀድሞ መታዘዝ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የመንገደኞቹ ጉዳይ ነው። የታክሲ መንገደኛ ስሙ የተጻፈበት ትኬት ስለሌለው፣ ከወረደ በኋላ ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም። ስለሆነም ረዳቱ የቆሰሉትን ሦስቱን ብቻ ሳይሆን የ11ዱንም ስም፣ ስልክና የተቀመጡበትን ቦታ መመዝገብ አለበት። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ የሄደው በማግስቱ አንገቱን ሊያመው ይችላል፤ ያልተጎዳውም ምስክር ይሆናል። ዝርዝሩ ከሌለ ደግሞ ከዚያ ታክሲ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ተጎድቻለሁ ብሎ ቢመጣ መከላከያ አይገኝም። እግረኛው ከመንገደኞቹ ተለይቶ ይጻፋል፤ መንገደኞቹ ከፍለው የተሳፈሩ ናቸው፣ እርሱ ግን ከባለንብረቱ ጋር ምንም ውል የለውም።

በደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው የታየው ነገር ነው፤ ለምሳሌ፦ «ሰኞ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ40 ላይ፣ መንገዱ እርጥብ ሳለ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራቶ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጠውን እግረኛ መታው»። ቀጥሎም የሰሌዳውና የፖሊሲው ቁጥር፣ በዕለቱ በእርግጥ ያሽከረከረው ሹፌር ስምና የመንጃ ፈቃዱ ቁጥር፣ የተጎዱት የተወሰዱበትም ሆስፒታል ይጻፋል። ተተኪ ሹፌር ነድቶ ሳለ የቋሚውን ስም መጻፍ፣ ፖሊስ እውነቱን ባሰፈረበት ቀን ውሉን ሊያፈርስ የሚችል ሐሰት ነው።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» ወይም «እግረኛው ሰክሮ ነበር» የሚሉ ፍርዶች ግን አይገቡም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ስለሆነ፣ ኃላፊነትን በጽሑፍ ማመን ለተጎጂው የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው፤ በብዙ ፖሊሲዎች ግን ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ የተሰጠ እምነት ወይም በሽማግሌ የተደረገ ዕርቅ ኩባንያውን አያስገድደውም። ቁስለኛን ወደ ሆስፒታል ማድረስና ማሳከም ከዚህ የተለየ ነው፤ ደረሰኙን ይዞ ማቆየት ብቻ ያስፈልጋል።

የደብዳቤው ቅጂ የደረሰበት ቀንና የተቀባዩ ፊርማ ኖሮበት በባለንብረቱ እጅ ይቀራል። ከወራት በኋላ ከእግረኛው ወይም ከመንገደኞቹ የይገባኛል ጥያቄ ወይም የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢመጣ፣ በዚያው ቀን ከዚሁ ቅጂ ጋር ተያይዞ ለመድን ሰጪው ይላካል።