የጣውላ ወለል ሳይሰበር ለምን ይረግባል?

አሮጌ የጣውላ ወለል ያለው ክፍል ገብታችሁ ከሆነ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ አይታችሁ ይሆናል። ኳስ ከዳር ብታስቀምጡ ተንከባልላ መሐል ላይ ትቆማለች። ከጣውላው ሥር የተጋደመው ተሸካሚ እንጨት ግን አልተሰበረም፤ አልተሰነጠቀምም። ታዲያ ምን ነካው?

እስቲ አንድ የመማሪያ ክፍል ወስደን እናስላ። ተሸካሚው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 4 ሜትር ይዘረጋል። ወርዱ 5፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በየ40 ሳንቲ ሜትሩም አንድ ተጋድሟል። እንጨቱ ደረቅና በአውሮፓ ደረጃ ሲ 24 የሚባለው ነው እንበል። ወለሉ ራሱ በካሬ ሜትር 60 ኪሎ፣ ተማሪውና ዴስኩ 300 ኪሎ ይመዝናሉ ብለን እንያዝ። እንግዲህ በእያንዳንዱ ተሸካሚ ላይ፣ በየአንድ ሜትሩ 24 ኪሎ ቋሚና 120 ኪሎ ተለዋዋጭ ጭነት ያርፋል ማለት ነው።

ጥንካሬውን ስንፈትሽ ለመጠባበቂያ ቋሚውን በ1.35፣ ተለዋዋጩን በ1.5 እናባዛለን፤ ድምሩ በሜትር 212 ኪሎ ይሆናል። መሐል ላይ እንጨቱን የሚያጎብጠው ሞመንት 212 × 4 × 4 ÷ 8፣ ማለትም 424 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ይህ በእንጨቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ በካሬ ሳንቲ ሜትር 127 ኪሎ ውጥረት ይፈጥራል። የሚፈቀደው 148 ያህል ስለሆነ አለፈ።

ሸር፣ ማለትም የእንጨቱን ጭረቶች አንዱን በሌላው ላይ ሊያንሸራትት የሚታገለው ኃይል፣ የሚበረታው ግድግዳው አጠገብ ነው። እዚህ 6.4 ኪሎ ብቻ ነው፤ የሚፈቀደው 16 ያህል። ይህን ያህል ትርፍ ስላለው ብዙ ሰው ሸርን ይንቀዋል። ነገር ግን አናጢው ተሸካሚውን ግድግዳው ላይ ለማስተካከል ሲል ጫፉን ከታች በኩል ከቦረቦረው ሒሳቡ ይለወጣል። ከቦረቦረው ማዕዘን የሚነሣ ስንጥቅ በጭረቱ አቅጣጫ ወደ መሐል ይሄዳል። ስለዚህ ከፍታውን ከሥር በሚገባ መቀመጫ አስተካክሉት እንጂ እንጨቱን አትንኩት።

አሁን ወደ ርግበቱ እንምጣ። ቀመሩ 5wL⁴ / 384EI ነው፤ ጭነቱ እዚህ ላይ አይበዛም። በመጀመሪያው ቀን በቋሚው ጭነት 0.22፣ በተለዋዋጩ 1.09፣ በድምሩ 1.31 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ገደባችን የርዝመቱ አንድ ሦስት መቶኛ፣ ማለትም 1.33 ነው። ለጥቂት አለፈ! ብዙ ሰው እርሳሱን የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው።

እንጨት ግን እንደ ብረት አይደለም። ጭነቱ ካልተነሣለት በዝግታ መውረዱን ይቀጥላል፤ ይህ ክሪፕ ይባላል። ለደረቅ እንጨት በደረቅ ክፍል ውስጥ ቋሚው ጭነት ያመጣው ርግበት በጊዜ ብዛት 60 በመቶ ይጨምራል። ከተማሪውና ከዴስኩ ጭነት ደግሞ ለክሪፕ ሲባል 60 በመቶው እንደ ቋሚ ይታያል፤ ስለዚህ የእሱ ርግበት 36 በመቶ ያድጋል። 0.22 ወደ 0.35፣ 1.09 ወደ 1.48 ይደርሳሉ። ድምሩ 1.83 ሳንቲ ሜትር ነው። ለመጨረሻው ርግበት የርዝመቱን አንድ ሁለት መቶ ኀምሳኛ፣ 1.6ን፣ ገደብ ካደረግን ወለሉ ወደቀ። በጉብጠትና በሸር ያለፈው እንጨት በጊዜ ተሸነፈ።

የባሰው እርጥብ እንጨት ነው። ገና ከመጋዝ የወጣ እንጨት ጭነት ተሸክሞ እየደረቀ ከሄደ የ60 በመቶው ጭማሪ 160 በመቶ ይሆናል። ያው ወለል 2.7 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እርጥበቱን ለማወቅ ትንሽ ቁራጭ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም 103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አድርቁትና እንደገና መዝኑት። 260 ግራም የነበረው 200 ከሆነ፣ ልዩነቱ 60 ለ200 ሲካፈል 30 በመቶ ነው። እንዲህ ያለው ገና ለወለል አልደረሰም፤ ጥላ ሥር በመለያያ እንጨት ተደርድሮ ይቆይ።

ደረቁን ወለል ለማዳን ሁለት መንገድ አለ። ወርዱን ከ5 ወደ 6 ብናሰፋው 20 በመቶ ተጨማሪ እንጨት ይፈጅና 1.83 ወደ 1.53 ይወርዳል። ቁመቱን ከ20 ወደ 22.5 ብናደርገው ግን የሚጨመረው እንጨት 12.5 በመቶ ብቻ ሆኖ ርግበቱ 1.29 ይሆናል፤ ቁመት በራሱ ሦስት ጊዜ ስለሚባዛ ነው። እኔ ቁመቱን እመርጣለሁ። እርጥብ ከሆነ ግን ይህም 1.9 ስለሚደርስ አያድነውም።

ወለሉ ተሠርቶ ካለቀስ? ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተሸካሚው ሥር ሲባጎ ወጥራችሁ መሐል ላይ ያለውን ልዩነት ለኩ፤ ቀኑንም ጻፉ። በወሩ፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ ድገሙት። ጤነኛ ክሪፕ መጀመሪያ ፈጠን ይልና እያደር ይዘገያል። ልኩ ከመዘግየት ይልቅ እየፈጠነ ከሄደ ዴስኩን አውጡ፣ ከሥር በምሰሶ ደግፉት፤ ከዚያ እርጥበት የገባበትን ቦታና በጫፎቹ በኩል ያለውን ስንጥቅ ፈልጉ።