ስላይዱ ላይ የሌለው ጥያቄ

ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በሞባይል ገንዘብ ላይ አዲስ አገልግሎት ሲጨመር መስማት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከእያንዳንዱ አዲስ አገልግሎት ጀርባ ደግሞ ለአመራሩና ለአጋር ባንኮች የሚቀርብ የስላይድ ጥራዝ አለ። ያው ጥራዝ በመጨረሻው ሰዓት ለጥሪ ማዕከሉ ይላክና «ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ከዚህ አውጡ» ይባላል። ችግሩ ስላይዱ የተሠራው ለማሳመን መሆኑ ነው። ወደ ማዕከሉ የሚደውለው ሰው ግን ወይ አገልግሎቱን አምኖ ገብቶበታል፣ ወይ ነገሩ አናዶታል።

አንድ የሞባይል ዋሌት አነስተኛ ብድር ሊጀምር ነው እንበል። ስላይዱ «ያለ ማስያዣ፣ በሁለት ደቂቃ፣ እስከ 10,000 ብር» ይላል። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ከዚህ የሚያወጣው ጥያቄ «የብድሩ ጣሪያ ስንት ነው?» የሚል ነው። ይህን ብሎ የሚደውል የለም፤ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። የሚደወለው «ጓደኛዬ አምስት ሺህ ተፈቅዶለት እኔን ለምን 300 ብር ብቻ አለኝ?» ተብሎ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ተስፋ ፊት ቆሞ «ይህ የማይሆንለት ማን ነው? ሳይሆንለት ሲቀርስ ስልኩ ላይ ምን ያያል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። «በሁለት ደቂቃ» የሚለው ተስፋ ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ብሩ ሳይገባ ዕዳው ይመዘገባል? ከዚያች አንድ መስመር ብቻ ስድስት ሰባት ጥያቄ ይወጣል፤ የአብዛኞቹ መልስ ደግሞ ጥራዙ ውስጥ የለም።

ክፍያውን እንይ። ስላይዱ «የአገልግሎት ክፍያ 5 በመቶ» ብሎ ያልፋል። ክፍያው አስቀድሞ የሚቀነስ ከሆነ 1,000 ብር የጠየቀ ሰው እጁ የሚገባው 950 ብር ነው፤ የሚመልሰው 1,000። ሲመለስ የሚጨመር ከሆነ ግን 1,000 ወስዶ 1,050 ይከፍላል። ጸሐፊው እዚህ ላይ መገመት የለበትም። ክፍተቱን አስምሮ አገልግሎቱን ለቀረጸው ክፍልና ለፋይናንስ በጽሑፍ ይልካል፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣለት። ገጹ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ነው፦

«50 ብሬ የት ገባ? — የአገልግሎት ክፍያ ነው። ብድሩ ሲለቀቅ አስቀድሞ ይቀነሳል። 1,000 ብር ሲበደሩ 950 ይገባልዎታል፤ የሚመልሱት 1,000 ነው።»

መልሱ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አለቀ፤ ስሌቱ ቀጥሎ መጣ። ደንበኛው መስመር ላይ እየጠበቀ ሳለ ሠራተኛው አንቀጽ አያነብም።

ከሁሉ የሚያጨቃጭቀው ግን ቀኑ ነው። ስላይዱ «የመክፈያ ጊዜ 30 ቀን፣ እስከ 23:59» ይላል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ጥር 5 የተበደረ ሰው የሚከፍለው የካቲት 5 ነው። ለማስረዳት ይህን የመሰለ ቀላል ነገር የለም። ነሐሴ 20 የተበደረው ግን መስከረም 20 ብሎ ይጠብቃል፤ ጳጉሜን አምስት ቀን ስትሆን የመክፈያው ቀን መስከረም 15፣ ስድስት ስትሆን ደግሞ መስከረም 14 ነው። መቀጫ ተቆርጦበት የሚደውለውም በዓሉ ገና ሳይወጣ ነው። 23:59ም «ከሌሊቱ 5፡59» ተብሎ ካልተጻፈ አንዱ ሠራተኛ የፈለገውን፣ ሌላው የመሰለውን ይናገራል።

ጥራዙ መጨረሻ አካባቢ «በቅርቡ» የሚል ስላይድ አይጠፋም፤ ለነጋዴዎች ከፍ ያለ ብድር፣ ከውጭ አገር የሚላክ ገንዘብ፣ ሌላም ሌላም። ይህ ለደንበኛ ከሚታየው ገጽ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ለሠራተኞቹ ብቻ በሚከፈተው ክፍል ግን «ከተጠየቅህ አሁን የለም በል፤ ቀን አትጥቀስ» የሚል መስመር ይቀመጥ። ጨርሶ ዝም ከተባለ ሠራተኛው ከዜና የሰማውን ይናገራል። ጉዳዩ ከእሱ አቅም ሲያልፍ ለየትኛው ክፍል እንደሚያስተላልፍ፣ ከደንበኛው ምን እንደሚቀበልም እዚያው ይጻፋል፤ የግብይት ቁጥር ይጠይቃል፣ ፒን ግን በፍጹም።

ገጹ ከመለቀቁ በፊት ስላይዱን ላላየ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ መስጠት ጥሩ መፈተኛ ነው። አንዱ ደንበኛ ሆኖ «ብር አልገባልኝም» ይበለው። ሠራተኛው መፈለጊያው ላይ ያንኑ ጽፎ ምንም ካላገኘ ርእሱ የተጻፈው «የብድር አለቃቀቅ ሂደት» ተብሎ በቢሮ ቋንቋ ነው ማለት ነው፤ ይቀየር።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ጥራዙ እስከ ዋዜማው ድረስ ይለዋወጣል። ክፍያው 5 በመቶ የነበረው በኋለኛው እትም 6 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ለጥሪ ማዕከሉ የሚነግረው ግን የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ከየትኛው እትም እንደተወሰደ፣ ማን እንዳረጋገጠውና በየትኛው ቀን እንደሆነ ይመዝገብ። ሁለት ሠራተኞች ለአንድ ጥያቄ ሁለት ቁጥር ከተናገሩ መጀመሪያ የሚታየው ይህ መስመር ነው።